ይችን ወደ አረብኛ ተርጉሚልኝ

ሰዒድ፦

አሰላሙ ዓለይኩም እህቴ ዘሃራ። ስልክሽን ሰው ነው የሰጠኝ። እህቴ ሀያት ሪያድ ናት፣ ሰው ቤት ትሠራለች። ይችን ጽሑፍ ወደ አረብኛ ተርጉሚልኝ። ጠንከር ያለች ትሁን። ዛሬ ትደርሳለች? ሒሳቡስ ስንት ነው?

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር በታማኝነት ሠርቻለሁ። ኮንትራቴ አልቋል። ከጥቅምት ጀምሮ ደሞዝ አልተከፈለኝም። አሁን ወደ አገሬ መመለስ እፈልጋለሁ። ደሞዜንና የያዛችሁብኝን ስጡኝ። ይህ ግፍ ነው፣ አላህ ያያል።»

ዘሃራ፦

ወዓለይኩም ሰላም ወንድሜ። ጽሑፏ አጭር ናት፣ ዛሬ ትደርሳለች። ሒሳቡ 400 ብር ነው። ግን እንዳለች ብተረጉማት እህትህን እንዳልጎዳት ፈራሁ። እኔም ስምንት ዓመት እዚያው አገር ሠርቻለሁ፣ አንድ ቃል ቤት ውስጥ ምን እንደሚያመጣ አይቻለሁ። ስለዚህ ጥቂት ልጠይቅህ። አንተ የማታውቀውን ለሀያት ደውለህ ጠይቃት፣ በግምት አትመልስልኝ።

መጀመሪያ፣ ይችን ማን ነው የሚያነባት? ማዳሟ ናት? ባልየው ነው? ወይስ የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ? ለኤምባሲያችን ከሆነ አማርኛውን ይዛ ትሂድ፣ አረብኛ አያስፈልጋትም። ይህን የምጠይቅህ አረብኛ አንድ ስላልሆነ ነው። «እፈልጋለሁ» ለማለት ሪያድ ውስጥ «አብጋ» ወይም «አቢ» ይላሉ። ቤይሩት «ቢዲ» ነው። ሱዳን ደግሞ ሴት ከሆነች «ዳይራ» ትላለች። ፉስሓ በሚባለው በመጽሐፍና በቢሮ አረብኛ «ኡሪድ» ነው። ለማዳም «ኡሪድ» እያለች ብትልክ ማዳሟ ይገባታል፣ ግን ከሀያት አፍ የወጣ አይመስላትም። ከኋላዋ ሰው አለ፣ ክስ ሊመጣ ነው ብላ ትደነግጣለች። ለቢሮ በቤት አረብኛ ከጻፍኩት ደግሞ ጉዳዩን ከቁም ነገር እንዳይቆጥሩት እፈራለሁ። የቢሮው በፉስሓ፣ ቀንና ቁጥር ተጽፎበት ነው የሚቀርበው።

ደግሞስ በጽሑፍ ነው የምትልከው ወይስ በድምፅ? ሀያት አረብኛ ታነባለች? ካላነበበች እኔ በፊደላችን እጽፍላታለሁ፣ ያን እያየች በራሷ ድምፅ ትቀዳዋለች። የቤት አረብኛ ስለምትችል አይከብዳትም።

«ስጡኝ» ያልከው ለማን ነው? እኛ ወሎ ውስጥ ለአንድ የተከበረ ሰውም አንቱ ብለን «ስጡኝ» እንላለን፣ ለብዙ ሰውም «ስጡኝ» ነው። አረብኛው ግን ለአንድ ወንድ፣ ለአንድ ሴትና ለብዙ ሰው ለየቅል ነው። ሳልጠይቅህ ብመርጥ ባልየውን ማናገር ሲገባኝ ማዳሟን ላናግር እችላለሁ። እግረ መንገድህን ሀያት ማዳሟን ምን ብላ እንደምትጠራት ጠይቅልኝ። ማማ ነው? ማዳም ነው? ወይስ በትልቁ ልጅ ስም ኡሙ እገሌ ትላታለች? አጠራሯ በድንገት ከተለወጠ ማዳሟ ወዲያው ነው የሚገባት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ወደ አገሬ መመለስ» ማለት ጠቅልላ ነው ወይስ ለእረፍት መጥታ ልትመለስ? ጠቅልላ ከሆነ «ኹሩጅ ኒሃኢ» ነው። ደርሳ ልትመለስ ከሆነ «ኹሩጅ ወ ዐውዳ» ነው። ሁለቱ የተለያየ ቪዛ ናቸው። አማርኛው ላይ ይህ አይታይም፣ ስለዚህ እዚህ ላይ አንዷን ቃል ካልነገርከኝ አልነካውም።

ጥቅምት ያልከው የእኛው ነው? የእኛ ጥቅምት 1 ቀን 2018 በፈረንጆቹ ኦክቶበር 11 ቀን 2025 ነው። ደሞዟ የሚቆጠረው በፈረንጅ ወር ከሆነ በ10 ቀን ይሳሳታል፣ እነሱም «ውሸቷን ነው» ለማለት ቀዳዳ ያገኛሉ። ጥቅምት ራሱስ አልተከፈለም ወይስ ከእሱ በኋላ ያለው ነው ያልተከፈለው? በወር ስንት ሪያል ነው? ኮንትራቷ የሁለት ዓመት ከነበረ ሦስቱን ወር በምን ነው የሠራችው? አዲስ ፈርማ ይሆን? ፈርማ ከሆነ «ኮንትራቴ አልቋል» የሚለው እውነት አይደለም፣ አልጽፈውም።

«የያዛችሁብኝ» ያልከው ምንድን ነው? ፓስፖርት? ስልክ? ሻንጣ? ስሙን ካልጠራን አይመልሱትም። ደግሞ «ያዛችሁብኝ» በአረብኛ ሁለት መልክ አለው። አንዱ «እናንተ ጋ ያለው» ነው፣ ሌላው «የከለከላችሁኝ» ነው። የቱን ልጻፍ?

የመጨረሻዋ ጥያቄዬ «ጠንከር ያለች» ያልከው ነው። ማን ነው እንድትጠነክር የፈለገው፣ አንተ ነህ ሀያት? የተናደድከው ይገባኛል፣ እህት ናት። ግን ነገ ጠዋት ከነሱ ጋ የምትነቃው እሷ ናት። «ግፍ ነው፣ አላህ ያያል» ብዬ በአረብኛ ስጽፈው ለእነሱ እርግማን የቀረበ ነው። ይህን የተናገረች ሠራተኛ እዚያው ቤት ልታድር ነው። እንድትል ከፈለገች እጽፈዋለሁ፣ ቃሉ የእሷ ነው። ሳትሰማው ግን አልጽፍም።

ሰዒድ፦

ደወልኩላት። እህቴ፣ እውነትሽን ነው፣ ግፍ የሚለውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። እሷ አውጡልኝ አለች። የሚደርሰው ለማዳሟ ነው። ማዳሟ ክፉ አይደለችም አለች፣ ደሞዙን የሚያዘገየው ባልየው ነው፣ እሷ እንድትነግረው ነው የምትፈልገው። ኡሙ ፈይሰል ብላ ነው የምትጠራት። ሀያት አረብኛ ማንበብ አትችልም፣ በዋትሳፕ ድምፅ ትልካለች። ኮንትራቱ የሁለት ዓመት ነበር፣ ሌላ አልፈረመችም። ወሩ የፈረንጅ ነው፣ ኦክቶበርም አልተከፈለም፣ እስከ ጃንዋሪ አራት ወር። በወር 1,000 ሪያል። ጠቅልላ ነው የምትመጣው። የያዙት ፓስፖርቷን ብቻ ነው፣ ባልየው ጋ ነው። «የከለከላችሁኝ» አትበይ ብላለች።

ዘሃራ፦

አላህ ይስጥህ፣ አሁን ማን ለማን እንደሚናገር ገባኝ። መጀመሪያ በአማርኛ ልጻፍልህ፣ ለሀያት አንብብላት።

«ኡሙ ፈይሰል፣ አሰላሙ ዓለይኪ። እናንተ ቤት ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሠርቻለሁ፣ ልጆቹንም እወዳቸዋለሁ። የፈረምኩት የሁለት ዓመት ኮንትራት ግን አልቋል፣ አሁን ጠቅልዬ ወደ ቤተሰቦቼ መሄድ እፈልጋለሁ። ከኦክቶበር እስከ ጃንዋሪ የአራት ወር ደሞዜ፣ 4,000 ሪያል፣ ገና አልደረሰኝም። ለአቡ ፈይሰል ንገሪልኝ። ደሞዜን እንዲሰጠኝ፣ ኹሩጅ ኒሃኢ እንዲያወጣልኝ፣ እሱ ጋ ያለውን ፓስፖርቴን እንዲመልስልኝ። ከረመዳን በፊት ቢያልቅልኝ ደስ ይለኛል። አላህ ይጠብቅሽ።»

«እወዳቸዋለሁ» ያልኩት እኔ ነኝ፣ እሷ አላለችም። እውነት ካልሆነ ታውጣው። «ከረመዳን በፊት» የሚለውንም እንደዚያው፣ ማዳሟ ጊዜዋን በሱ ስለምትቆጥር ነው ያስገባሁት።

ሀያት እሺ ካለች ማታ በሪያድ አረብኛ፣ በፊደላችን ጽፌ እልክልሃለሁ። ዐይንና ሐ ላይ አማርኛችን ስለሚያሳስት በራሴ ድምፅም ቀድቼ እጨምርበታለሁ፣ ሰምታ ትለማመደው። ድምፁን ከላከች በኋላ የላከችበትን ቀን ጻፍልኝ። መልስ ካልሰጧትና ቢሮ መሄድ ከወሰነች የዚያን ጊዜ በፉስሓ ሌላ እጽፋለሁ፣ ለሱ ኮንትራቷን ፎቶ አንስታ ትላክ፣ ስሟም በመኖሪያ ፈቃዷ፣ በኢቃማዋ ላይ እንደተጻፈው እንዲሆን የኢቃማዋን ፎቶ እፈልጋለሁ።