የሦስተኛ ዲግሪ ግራፉ እኩልዮሽ፦ እርማት ከነምክንያቱ

የላክኸውን የግራፍ ፎቶና ከግራፉ ተነሥተህ የሦስተኛ ዲግሪ እኩልዮሹን ለማግኘት የሠራኸውን አየሁ። መልስህ f(x) = (x+1)(x−2)² ነው። የኩርባውን ቅርጽ በትክክል ይዘኸዋል፤ ከፍታው ግን እጥፍ ሆኗል። ስሕተቱ አንድ ብቻ ቢሆንም ራሱን የሚደብቅ ዓይነት ስለሆነ ከመጀመሪያው እንጀምር።

ፎቶው ከጎን በመነሣቱ ወረቀቱ አዘንብሏል። ስለዚህ ያነበብኩት በስክሪኑ ጠርዝ ልክ ሳይሆን የወረቀቱን የራሱን መስመሮች ተከትዬ ነው። በአግድሙ ዘንግ አንድ ካሬ 1 ነው። በቋሚው ዘንግ ግን 1 የተጻፈው ከመነሻው ሁለተኛው መስመር ላይ ነው፤ እዚያ አንድ ካሬ 0.5 ብቻ ነው።

ኩርባው የx ዘንግን (−1, 0) ላይ ከታች ወደ ላይ ያቋርጣል። (2, 0) ላይ ግን ይነካውና ተመልሶ ይወጣል። ሲነካ ምልክቱ ስላልተለወጠ የ(x−2) ኃይል ሙሉ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ተጋማሽ መሆን አለበት፤ ጥያቄው ሦስተኛ ዲግሪ ስለሚል ደግሞ ከ2 ሊበልጥ አይችልም። ስለዚህ፦

f(x) = a(x+1)(x−2)²

የy ዘንግን የሚያቋርጠው አራት ካሬ ከፍ ብሎ፣ ማለትም (0, 2) ላይ ነው። a·1·4 = 2፣ ስለዚህ a = ½። አንተ አራቱን ካሬ 4 ብለህ a = 1 አገኘህ። ትክክለኛው መልስ፦

f(x) = ½(x+1)(x−2)² = ½x³ − (3/2)x² + 2

አሁን ማረጋገጫው። f′(x) = (3/2)x(x−2) ዜሮ የሚሆነው x = 0 እና x = 2 ላይ ነው። በመጀመሪያው ከአዎንታዊ ወደ አሉታዊ፣ በሁለተኛው ከአሉታዊ ወደ አዎንታዊ ይለወጣል። ፎቶውም ጫፉን (0, 2)፣ ታችኛውን መዞሪያ (2, 0) ላይ ያሳያል። የአንተም እኩልዮሽ የሚዞረው በእነዚሁ የx ዋጋዎች ነውና ይህ ብቻውን አይለየንም።

ወደ ተዳፋቱ እንምጣ። (1, 1) ላይ የተሠመረው ታንጀንት በ(3, −2) ያልፋል፦ (−2−1)/(3−1) = −3/2። ቀመሩም f′(1) = −3/2 ይላል። አንተ ወደ ቀኝ አንድ፣ ወደ ታች ሦስት ካሬ ቆጥረህ −3 ጻፍህ፤ እኩልዮሽህም −3 ሰጠህ። ብታምነው አልፈርድብህም። ንባቡም ቀመሩም በአንድ ስሕተት እኩል ስለተለጠጡ እርስ በርሳቸው ተስማሙ። በካሬ ቆጠራ ብትቀጥል ሌላውም ነጥብ ሁሉ ይስማማልህ ነበር።

የሚያጋልጠው በዘንጉ ላይ የታተመው ቁጥር ነው። x = 3 ሲሆን ኩርባው 2 ከተጻፈበት መስመር ጋር ይገናኛል። የእኔው ½·4·1 = 2 ይሰጣል፤ የአንተው 4።

ስታርመው የሁለቱን ዘንጎች ልኬት ከእኩልዮሹ በላይ ጻፍና መልሰህ ላክልኝ።