ለአቶ ኡስማን የሚላከው ኢሜይል፣ እንደገና ተጽፎ

ጋሽ ታደሰ፣

እንዴት ዋሉ? ትናንት ለአቶ ኡስማን ያረቀቁትን ኢሜይል ሳልልከው ትንሽ ነካካሁት። ትንሽ ያልኩት ለይሉኝታ ነው። ከላይ እስከ ታች ቀይሬዋለሁ፤ አይቀየሙኝ።

እሳቸው አማርኛ እንደሚናገሩ አውቃለሁ። ዋጋ ሲከራከሩማ እኛንም ይረቱናል። ማንበብ ላይ ግን ቀስ ይላሉ፤ አፋቸውን የፈቱት በአረብኛ ነው። የእርስዎ ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር አራት መስመር ሙሉ ሄዶ ሄዶ ግሡ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። እስከዚያ ድረስ ማን ምን እንዳደረገ አይታወቅም። ቆራርጬ ስድስት አደረግኩት።

«ሆድ እንዳይብስዎ» የሚለውንም አውጥቻለሁ። ሳሙና የገዛ ሰው ስለ ሆድ ሲነገረው ምን ያስብ? «ጆሮ ዳባ ልበስ ያልን እንዳይመስልዎ» እና «ፊት አይንሱን» ደግሞ ለእኔም ከበዱኝ።

ዋናው ግን ቁጥሩ ነው። በአረብኛ አርበዓ 4፣ ኸምሳ 5፣ ሰብዓ 7 ነው። እኛ አርባ፣ ሀምሳ፣ ሰባ ስንል አስር እጥፉን ነው። አዲስ ደንበኛ በነበሩ ጊዜ በስልክ 5 ካርቶን አዘው 50 የወሰድንላቸው ትዝ ይልዎታል? 45ቱን መልሰን ስንጭን የነበረውን ፀሐይ እኔ አልረሳሁትም። ስለዚህ ቁጥር ሁሉ በአሃዝ ነው። ሰዓቱንም በሁለቱም አቆጣጠር ጻፍኩት። «3 ሰዓት» ካልናቸው ከሰዓት በኋላ ሊጠብቁን ይችላሉ።

አንድ ነገር ሳልጠይቅዎ ቀየርኩ። ዓርብ 6 ሰዓት ተኩል ብለው ነበር። ያኔ ሱቁ ዝግ ነው፤ መስጊድ ናቸው። ሾፌሩን ጠይቄ ሐሙስ ጠዋት አድርጌዋለሁ።

ሰላምታውን ግን አልነካሁትም። ማሳጠር ጥሩ ነው፤ ያለ ሰላምታ ዘሎ ወደ ገንዘብ መግባት ግን በእሳቸውም ዘንድ ነውር ነው።

የሚላከው ይኸውና፦

ርዕስ፦ 30 ካርቶን ሳሙና፣ ሐሙስ ጥቅምት 13

ለተከበሩ አቶ ኡስማን፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እርስዎ እንዴት ነዎት? ቤተሰብዎ እንዴት ነው? ሥራ እንዴት ነው?

እርስዎ 70 ካርቶን ሳሙና ገዝተዋል። 168,000 ብር ከፍለዋል። እኛ 40 ካርቶን አምጥተናል። 30 ካርቶን ይቀራል። የ30 ካርቶን ዋጋ 72,000 ብር ነው።

ለምን ዘገየን? ቃሊቲ ያለው መጋዘናችን ጣሪያው ተበላሽቷል። ዝናብ ገባ። 30 ካርቶን ረጠበ። የረጠበ ሳሙና ለእርስዎ አንሸጥም። አዲስ ሳሙና አዘዝን። አዲሱ ሳሙና ረቡዕ መጋዘናችን ይደርሳል።

ጥፋቱ የእኛ ነው። ይቅርታ እንጠይቃለን።

አሁን 2 ምርጫ አለ። እርስዎ አንዱን ይምረጡ።

ምርጫ 1፦ ሳሙናውን እናመጣለን። ቀኑ ሐሙስ ነው። ጥቅምት 13 ቀን 2018 ነው። በፈረንጆች ኦክቶበር 23 ቀን 2025 ነው። ሰዓቱ ጠዋት 3፡00 ነው። በፈረንጆች ሰዓት ጠዋት 9:00 ነው። ቱሉ ዲምቱ ወደ ሱቅዎ እንመጣለን። ለመጓጓዣ አይከፍሉም።

ምርጫ 2፦ ሳሙናውን አይፈልጉም። እኛ 72,000 ብር እንመልሳለን። ገንዘቡ ሐሙስ ወደ ባንክ ሂሳብዎ ይገባል።

እባክዎ እስከ ማክሰኞ ጥቅምት 11 ይመልሱልን። በፈረንጆች ኦክቶበር 21 ነው። «1» ወይም «2» ብለው ይጻፉ። ያ በቂ ነው። ስልክ መደወልም ይችላሉ። ቁጥራችን ደረሰኙ ላይ አለ።

ኢንሻአላህ እንገናኛለን።

ከአክብሮት ጋር፣
ታደሰ

ያችን «ኢንሻአላህ» እኔ ነኝ የጨመርኳት። እርስዎ «እግዜር ካለ» ብለው ነበር፤ ያው ነው። ከቀኑ አጠገብ ግን አላደረግኳትም። ቀኑ ቁርጥ ያለ ይሁን ብዬ ነው።

ከተስማሙ ዛሬ ከምሳ በፊት እልከዋለሁ። 72,000 ብሩን ደግሞ ሂሳብ ክፍል ያዘጋጅ። «2» ብለው ቢመልሱስ?

ገነት