ከ5 አመት በታች የታመመ ልጅ ትሪያጅ ላይ፦ ከበር እስከ ክፍል

ሲስተሮችና ብራዘሮች፣ ግድግዳው ላይ የምንለጥፈው ወረቀት ይሄ ነው። የአይ ኤም ኤን ሲ አይ ቡክሌቱንና የኢታቱን ማኑዋል ሶስት ቅዳሜ ከኤች ኦዎቹ ጋር ተቀምጠን እያገላበጥን ነው ያወጣነው። ቡክሌቱ ጥሩ ነው፣ ችግሩ የተፃፈው ወንበር ላይ ተቀምጦ አንድ ልጅ ለሚያይ ሰው መሆኑ ነው። እኛ ደግሞ ሰኞ ጠዋት በሩ ሳይከፈት አርባ ሰው ይጠብቀናል። መድሃኒቱ በስንት ሰአት ልዩነት እንደሚሰጥ፣ የቀጠሮ ቀኑ፣ ክትባቱ፣ የምግብ ምክሩ ሁሉም ወደ ከ5 አመት በታች ክፍል ሄዷል፣ ትሪያጅ ላይ አያስፈልገንም። እዚህ የቀረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፣ ይሄ ልጅ መጠበቅ ይችላል ወይስ አይችልም?

አነባበቡ እንዲህ ነው፦ ከላይ ወደ ታች ትወርዳላችሁ፣ የመጀመሪያው «ቀይ» ላይ ትቆማላችሁ፣ የተባለውን ታደርጋላችሁ። ቀይ አንዴ ካላችሁ የታችኛውን ሳጥን አትጨርሱ፣ ትኩሳቱን አልለካሁም ብላችሁ ልጁን አታቆዩት።

ሳጥን 0፦ ከካርድ በፊት

እናትየዋ በሩ ላይ እንደደረሰች ልጁን ከጀርባዋ ታውርድ። ጋቢውም ነጠላውም ፊቱ ላይ ካለ ይነሳ። ካርድ ገና አላወጣችም? ምንም አይደለም፣ ካርዱ ይከተላል።

ይሄን ሳጥን ቡክሌቱ ላይ አታገኙትም፣ እኔ ነኝ የጨመርኩት። ባለፈው ህዳር አንዲት እናት ከዘጌ በጀልባ መጥታ ካርድ ክፍል ሰልፍ ላይ ቆማ ነበር፣ ልጁ አንቀልባ ውስጥ ነው፣ ጭንቅላቱ ትከሻዋ ላይ ወድቋል፣ ያየው ሁሉ ተኝቷል ብሎ አሰበ፣ እኔም ሁለት ጊዜ በአጠገቧ አልፌያለሁ። ሲወርድ የቀኝ እጁ ጣቶች ብቻ በትንሽ በትንሹ ይርገበገቡ ነበር፣ አይኑ ወደ አንድ ወገን ዞሯል። ለካ እያንቀጠቀጠው ነበር፣ እናትየዋ ራሷ አላወቀችም፣ በጀርባዋ ላይ ስለነበር አታየውም። ልጁ ተርፏል፣ ግን ስንት ደቂቃ እንደቆየ እስካሁን አላውቅም። ስለዚህ ጀርባ ላይ ያለ ልጅ «ተኝቷል» አይባልም፣ ወርዶ ይታያል።

ሳጥን 1፦ አሁኑኑ (ቀይ)

ከነዚህ አንድ እንኳ ካለ ቀይ ነው፦
አይተነፍስም፣ ወይም ሲተነፍስ ያጣጥራል፣ ወይም ምላሱና ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል
ለመተንፈስ በጣም እየታገለ ነው፣ ከድካሙ የተነሳ መጥባትም ማልቀስም አቅቶታል
እጁ ቀዝቅዟል፣ የአውራ ጣት ጥፍሩን ነጭ እስኪሆን ተጭናችሁ ስትለቁት ከ3 ሰከንድ በላይ ይቆያል፣ ምቱም ደካማና ፈጣን ነው (ሶስቱም አንድ ላይ)
ሲጠሩት አይነቃም፣ ሲቆነጥጡት ብቻ ነው የሚነቃ ወይም ጭራሽ አይነቃም
አሁን እያንቀጠቀጠው ነው
ተቅማጥ ያለበት ሆኖ ዝሏል፣ አይኑ ጎድጉዷል፣ የሆዱን ቆዳ ቆንጥራችሁ ስትለቁት ለመመለስ ከ2 ሰከንድ በላይ ይፈጃል (ከሶስቱ ሁለቱ ይበቃሉ)

አዎ → ጩኹ። «ቀይ!» በሉ፣ ማፈር የለም። ልጁን ራሳችሁ ተሸክማችሁ ድንገተኛ ክፍል ግቡ፣ እናቱ ትከተላችሁ፣ ትሪያጁን አጠገባችሁ ያለ ሰው ይያዝ። ኤች ኦው እስኪደርስ እናንተ የምትጀምሩት ይሄን ነው፦

አየር መንገድ ይከፈት፣ ኦክስጅን ይሰጥ።
እያንቀጠቀጠው ከሆነ በጎኑ አስተኙት። ዲያዜፓም በፊንጢጣ 0.5 ሚሊግራም በኪሎ ነው። የኛ አምፑል 2 ሚሊ ውስጥ 10 ሚሊግራም ስለሆነ በኪሎ 0.1 ሚሊ ማለት ነው፣ 10 ኪሎ ለሆነ ልጅ 1 ሚሊ። መርፌው ከሲሪንጁ ይነቀል። ከ10 ደቂቃ በኋላ ካልቆመ አንድ ጊዜ ይደገማል።
ስኳር ለኩ። ከ45 በታች ከሆነ፣ በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ ከሆነ ደግሞ ከ54 በታች ከሆነ፣ 10 ፐርሰንት ግሉኮስ 5 ሚሊ በኪሎ በደም ስር። ያለን 40 ፐርሰንቱ ብቻ ከሆነ 1 እጅ ግሉኮስ ከ3 እጅ ለመርፌ የሚሆን ውሃ ጋር ቀላቅሉ፣ 10 ይሆናል። ስትሪፕ ካለቀ ራሱን የሳተን ወይም ያንቀጠቀጠውን ልጅ ስኳሩ እንደወረደ ቁጠሩት።
የወባ ደም እዚያው አልጋው ላይ ይወሰድ። ቀይ ልጅ ላብራቶሪ ድረስ አይሄድም።
የሰውነቱ ፈሳሽ አልቋል ብላችሁ ብታስቡም በፍጥነት የሚገባ ፈሳሽ ያለ ኤች ኦው ትእዛዝ አትክፈቱ፣ በተለይ በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ ላይ። እሱን ልጅ ፈሳሹ ራሱ ሊገድለው ይችላል።

ሪፈር ከሆነ ፈለገ ህይወት ወይም ጥበበ ግዮን አስቀድማችሁ ደውሉ፣ የሰጣችሁትን መድሃኒት ከነሰአቱ ወረቀቱ ላይ ፃፉ። ባጃጅ ይወስደዋል አትበሉ፣ ኦክስጅን የያዘ ልጅ አምቡላንስ ይጠብቃል።

አይደለም → ሳጥን 2

ሳጥን 2፦ እድሜው ከ2 ወር በታች ነው?

አዎ → ይሄ ልጅ ሰልፍ አይዝም፣ ምንም ባይመስል እንኳ ቢጫ ነው። ደግሞ ከነዚህ አንዱ ካለበት ቀይ፦ መጥባት አቁሟል፣ አንቀጥቅጦት ነበር፣ የሚንቀሳቀሰው ሲነኩት ብቻ ነው፣ ሙቀቱ 37.5 እና ከዚያ በላይ ወይም ከ35.5 በታች ነው፣ ደረቱ በጣም ወደ ውስጥ ይገባል፣ በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ ይተነፍሳል። 60 ካገኛችሁ እንደገና ቁጠሩ፣ የጨቅላ ትንፋሽ አንዴ ይፈጥናል አንዴ ያርፋል። ሰውነቱ ቀዝቃዛ የሆነውን እንዳትረሱት፣ ሁሉም ሰው ትኩሳት ይፈራል፣ ቅዝቃዜን ግን የሚፈራ የለም፣ በጨቅላ ግን እኩል አደገኛ ናቸው።

አይደለም → ሳጥን 3

ሳጥን 3፦ እናቲቱን ሶስት ጥያቄ ጠይቁ፣ ልጁን አንድ ጊዜ እዩ

«ይጠባል? ይጠጣል?» «የዋጠውን ሁሉ ያስመልሰዋል?» «በዚህ ህመም አንቀጥቅጦት ነበር?» ከዚያ ራሳችሁ እዩ፣ ፈዟል ወይ? ለሰው ትኩረት አይሰጥም ወይ?

እዚህ ላይ አጠያየቁ ወሳኝ ነው። «ይጠባል ወይ» ስትሏት አብዛኛዋ እናት «እንዴ ይጠባል እንጂ» ነው የምትላችሁ፣ ጥሩ እናት አይደለሽም የተባለች ይመስላታል። «እስቲ አሁን አጥቢው እናቴ» በሏትና እዩ። ውሃ ወይም የእናት ጡት አፉ ላይ ሲደርስ ካልያዘ መልሱ ያ ነው። «አንቀጠቀጠው» የሚለውም ለአንዳንዱ ብርድ ብርድ ማለት ነው፣ ስለዚህ «ራሱን ስቶ ነበር? አይኑ ተገልብጦ ነበር?» ብላችሁ አጣሩ። ጠበል ወስጀው ነበር ካለች አትቆጧት፣ ስንት ቀን እንደቆየ ብቻ ጠይቁ፣ የህመሙን ቀን በትክክል የምትነግራችሁ እንዲህ ሲሆን ነው።

መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ወይም ከሌሎቹ አንዱም አዎ ከሆነ → ቀይ። አንገቱ ከደረቀ፣ ወይም ሳያለቅስ ተረጋግቶ እያለ ሲተነፍስ ከጉሮሮው የሚጮህ ድምፅ ካለም → ቀይ።

አይደለም → ሳጥን 4

ሳጥን 4፦ ሳል ወይም የመተንፈስ ችግር ካለ ትንፋሽ ቁጠሩ

ሙሉ 1 ደቂቃ። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል፣ ሁለት ትንፋሽ ብትስቱ ስምንት ነው የሚሆነው፣ በስምንት ልዩነት ደግሞ ልጅ ከቢጫ ወደ አረንጓዴ ይወርዳል። ልብሱን ከፍ አድርጉት፣ ሆዱ ይታይ፣ እያለቀሰ ከሆነ እናቱ ታባብለው እስኪረጋጋ፣ ከዚያ ሰአታችሁን ከሆዱ አጠገብ ይዛችሁ ሁለቱንም በአንድ እይታ እዩ።

ከ2 ወር እስከ 12 ወር፦ 50 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው
ከ12 ወር እስከ 5 አመት፦ 40 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው

ፈጣን ከሆነ ወይም ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ → ቢጫ። ኦክሲሜትሩ ከ90 በታች ካሳየ → ቀይ። ጣቱ ከቀዘቀዘ ኦክሲሜትሩ ይዋሻል፣ አሙቃችሁ ድገሙት።

ሳጥን 5፦ ትኩሳት (በብብት 37.5 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም እቤት ነበረው ካለች)

→ የወባ ምርመራ ከትሪያጅ በቀጥታ ይታዘዝ፣ ወረቀቱ ላይ «ከ5 በታች» ተብሎ ይፃፍ። ልጁ ክፍል ሲገባ ውጤቱ አብሮት ይገባል፣ ሁለቴ መሰለፍ ይቀራል።

ቡክሌቱ ወባማ አካባቢ ሄዶ ነበር ወይ ብላችሁ ጠይቁ ይላል። እሱን ጥያቄ አውጥቼዋለሁ። ሀይቁ ዳር ነው ያለነው፣ ፎገራና ደምቢያ በየቀኑ ይመላለሳሉ፣ ከመስከረም እስከ ታህሳስ ደግሞ መጠየቁ ራሱ ጊዜ ማባከን ነው። ትኩሳት ያለው ልጅ ሁሉ ይመርመር።

ሽፍታ ካለ፣ ከሱ ጋር ሳል ወይም ንፍጥ ወይም የቀላ አይን ካለ → ከሰልፉ አውጥታችሁ ለብቻ አስቀምጡት፣ ኩፍኝ ሊሆን ይችላል፣ ያ ወንበር ላይ ደግሞ ሌሎች ሃያ ልጆች አሉ።

ሳጥን 6፦ ተቅማጥና ክብደት

ተቅማጥ ካለ፣ ይነጫነጫል፣ ውሃ ሲያይ ይስገበገባል፣ አይኑ ጎድጉዷል → ቢጫ፣ ክፍል እስኪገባ ኦአርኤስ እየጠጣ ይጠብቅ፣ በማንኪያ፣ በርጋታ። ሙአክ ከ6 ወር ጀምሮ ለሁሉም ይለካ፣ ከ11.5 ሴንቲሜትር በታች ወይም ሁለቱም እግሩ ላይ እብጠት → ቢጫ። ከላይ ያሉትን አደገኛ ምልክቶች እንደገና አንዴ እዩ፣ የተጎዳ ልጅ ምልክቱን ይደብቃል፣ ትኩሳት ሳይኖረው በጣም ሊታመም ይችላል።

ምንም የለም → አረንጓዴ። ሰልፍ ይጠብቅ። ግን በየ30 ደቂቃው አንዳችን በወንበሮቹ መሃል እንለፍ፣ እናቶቹንም «ከባሰበት ወይም መጥባት ካቆመ ሰልፍ ሳትጠብቂ ነይ» እንበላቸው።

ከ5 አመት በላይ ለሆነ ሰው ይሄ ወረቀት አልተዘጋጀም፣ የትልቆቹ በሚቀጥለው ወር ይደርሳል። እስከዚያ አንድ ነገር ብቻ ላስይዛችሁ፦ የቆሎ ተማሪ በትኩሳት ከመጣ፣ ልብሱ ላይ ቅማል ካለ፣ የወባ አርዲቲው ኔጌቲቭ ከሆነ፣ ወደ ቤት አትሸኙት። ላብራቶሪው በማይክሮስኮፕ ደሙን ይይ፣ ግርሻ ትኩሳት ብላችሁ ወረቀቱ ላይ ፃፉላቸው።

ሶስት ኮፒ አለ። አንዱ ትሪያጅ ጠረጴዛ ላይ ከመስታወቱ ስር፣ አንዱ ካርድ ክፍል፣ አንዱ በር ላይ ለጥበቃው። ጥበቃው ሳጥን 0ን አብሮን ተለማምዷል፣ ትናንት ሁለት ልጅ እሱ ነው ያመጣልን። የማይሰራ ቦታ ካገኛችሁ በእስክርቢቶ እዚያው ላይ ምልክት አድርጉ፣ አርብ ከሰአት ሰብስቤ አስተካክለዋለሁ።