የቢሾፍቱው ቅዳሜ ጠዋት ጨዋታዎች (ለአራቱ ጨዋታ መሪዎች)

ሰላም ለአራታችሁም፣

ቅዳሜ ጥቅምት 15 ቢሾፍቱ የምንወርደው 32 ሰዎች ነን። ሁለቱ ቢሮዎች ከተቀላቀሉ ገና ሁለተኛ ወራችን ነው። አብዛኞቻችን የምንተዋወቀው በኢሜል ነው። «የክፍያ ጥያቄዬን ሦስቴ የመለስሽብኝ አንቺ ነሽ እንዴ?» መባባሉ አይቀርም። እሱም ቢሆን በሳቅ ይሁን።

አውቶቡሱ ከቢሮ 1፡30 ይነሳል። ሻይ ተጠጥቶ 3፡30 ላይ ባቦጋያ ሐይቅ ዳር ሳሩ ላይ እንጀምራለን። 5፡00 ላይ ስብሰባ አለ።

መጀመሪያ፣ ሰልፍ። ወንበር አታስቀምጡ፤ ሰው ከተቀመጠ አይነሳም። ይህን ጮክ ብላችሁ አንብቡ፦

«ከአሁን ጀምሮ ማውራት የለም። በተወለድንበት ወርና ቀን እንሰለፋለን። መስከረም በሐይቁ በኩል፣ ጳጉሜን በአዳራሹ በኩል። ዓመተ ምሕረት አንጠይቅም። በእጅ፣ በቅንድብ፣ በፈለጋችሁት ተግባቡ። 5 ደቂቃ አላችሁ!»

ሲያልቅ ከመስከረም ጀምሮ እያንዳንዱ ስሙንና ቀኑን ይናገር። ቦታውን የሳተ ይስተካከላል፣ ቅጣት የለም። ጳጉሜን የተወለደ ከተገኘ ይጨብጨብለት፤ ልደቱ እንደሌላው ሰው 30 ቀን ካለው ወር የተገኘ አይደለም። ከዚያ ሰልፉን በስምንት ስምንት ቆርጣችሁ አራት ቡድን አድርጉ። ያለበለዚያ ሒሳብ ክፍል ከሒሳብ ክፍል ጋር ተጣብቆ ይውላል።

ቀጥሎ በየቡድኑ የቤት ስም። መሪው ከራሱ ይጀምር፦ «ቢሮ በመዝገብ ስሜ ነው የምታውቁኝ። ሰፈር ግን ሌላ ነኝ።» የቤት ስሙን፣ ማን እንዳወጣለትና ለምን እንደሆነ በአንድ ደቂቃ ይናገር። የቤት ስም የሌለው ልጅ ሆኖ ምን እያሉ ያበሽቁት እንደነበር ይንገረን። አደራ፣ «የስምህ ትርጉም ምንድነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። ምትኩ፣ ካሳ፣ ማስረሻ የሚሉ ስሞች ብዙ ጊዜ ከሞተ ልጅ በኋላ የሚወጡ ናቸው። በጠዋት ሰው ፊት ያንን ማስወራት ደግ አይደለም።

ሰው ፍለጋው ቀላል ነው። ወረቀቱ ታትሟል። በየመስመሩ የአንድ ሰው ስም ይጻፋል፤ አንድ ሰው ሁለቴ አይጻፍም፦

ቡና ያለ ስኳር የሚጠጣ።
ታላቁ ሩጫን የሮጠ (ቲሸርቱን ብቻ የገዛ አይቆጠርም)።
መንጃ ፈቃድ ኖሮት መንዳት የሚፈራ።
በብይ ወይም በሰኞ ማክሰኞ ሰፈሩን ያንበረከከ።
ከጥብስ ሽሮ የሚመርጥ።
በቀላል ባቡር ሲሄድ ፌርማታው ያለፈው።
ለስብሰባ ዘግይቶ «መንገድ ተዘጋግቶ ነው» ብሎ የዋሸ።

የመጨረሻውን ሥራ አስኪያጃችን ራሳቸው ቢፈርሙ ደስ ይለኛል። ነግሬያቸዋለሁ፣ ሳቁ እንጂ እሺ አላሉም።

ብዙ ሰዓት የምንሰጠው ለእንቆቅልሽ ነው። ሁሉም ልጅነቱ ላይ ስላለ ማስረዳት አያስፈልግም። ቡድን ለቡድን ይጋጠማል። አንዱ «እንቆቅልሽ!» ሲል ሌላው ባንድ ድምፅ «ምናውቅልህ!» ይላል። ለማሟሟቂያ የድሮዋን ጣሉ፦ «ስሄድ አገኘኋት፣ ስመለስ አጣኋት።» ጤዛ። ከዚያ የቢሮዎቹ ይምጡ፦

«ወር ሙሉ ይጠበቃል፣ መጥቶ ሳይቀመጥ ይሄዳል።» ደመወዝ።
«ስናጎርሰው ይውላል፣ በተቸኮለ ቀን ይታነቃል።» ፕሪንተር።
«ሲጮህ ይውላል፣ ሲያነሱት ዝም ይላል።» ስልክ።

ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ ቡድን በ10 ደቂቃ ሦስት የራሱን ያዘጋጅ፤ መልሱ የግድ ከቢሮ ዕቃ ወይም ከሥራችን ይሁን። የጨዋታው ጉልበት እዚህ ላይ ነው። ስቶር ያለው ሰው የሚያውቀውን ሒሳብ ክፍል ያለው አያውቅም፣ ስለዚህ መጠያየቅ ይመጣል።

ያልመለሰ ቡድን አገር ይሰጣል። እዚህ ላይ ደንቡን ትንሽ ቀይሬዋለሁ። ክፍለ ሀገር አይሰጥም፣ የአዲስ አበባ ሰፈር ብቻ፤ መርካቶ፣ ፒያሳ፣ ሳሪስ። የተቀበለውም እንደ ድሮው አይሳደብም። «መርካቶ ገብቼ» ብሎ ይጀምርና ለተሸናፊው ቡድን ምን ገዝቶ እንደሚያመጣለት ይፎክራል። ስድቡ ልጅ ሆነን ይጥም ነበር፤ ዛሬ ግን የማን አገር ተነካ የሚል ነገር ባንጀምር ይሻላል።

ጥቂት ማሳሰቢያ። ስለ ትዳር፣ ልጅ፣ ሃይማኖት፣ ብሔርና ደመወዝ መጠን ጥያቄ የለም። መተቃቀፍና መሸካከም ያለበት ጨዋታም አላስገባሁም። መጫወት ያልፈለገ ሰዓት ይያዝ ወይም ነጥብ ይመዝግብ፤ «ና እንጂ!» እያላችሁ አትጎትቱት። ስቶር የሚሠሩትን ጋሼን ሰዉ «አንተ» እንዲላቸው አታስገድዱ፤ «ጋሼ» እየተባሉም ይጫወታሉ።

እስክሪብቶ 40 ገዝቻለሁ። ፊሽካ ያለው ይዞ ይምጣ፣ የኔን ልጄ ደብቃብኛለች።