ጉዳዩ፦ በ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬቴ ላይ የአባቴ ስም እንዲታረምልኝ ስለመጠየቅ

ቀን፦ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለትምህርት ቤቱ ሬጅስትራር ክፍል
ባሉበት

የተከበሩ የክፍሉ ኃላፊ፣

እኔ አመልካች ሰላማዊት ታደለ ወንድሙ በ2016 ዓ.ም. በዚሁ ትምህርት ቤት የ12ኛ ሐ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነበርኩ። በስም መጥሪያው ላይ ተራ ቁጥሬ 37 ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ወስጄ ዩኒቨርሲቲ ገብቻለሁ፤ አሁን የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ይህን ማመልከቻ የምጽፈው በፈተናው ሰርተፊኬት ላይ የአባቴ ስም በአንድ ፊደል ተሳስቶ ስለወጣ ነው።

በሰርተፊኬቱ ላይ የወጣው፦ SELAMAWIT TADESE WENDIMU
መሆን ያለበት፦ SELAMAWIT TADELE WENDIMU

የእኔ ስምና የአያቴ ስም ትክክል ናቸው። ፎቶግራፉ፣ የትውልድ ዘመኑ፣ ጾታውና ውጤቱም የእኔው ነው፤ በእነዚህ ላይ የማቀርበው ጥያቄ የለኝም። የተሳሳተው በአባት ስም ውስጥ ያለው አምስተኛው ፊደል ብቻ ነው፤ L መሆን ሲገባው S ተብሏል። በዚህም ታደለ የነበረው አባቴ በወረቀት ላይ ታደሰ ሆኗል።

ነገሩ ሲታይ ትንሽ ይመስላል። ለእኔ ትልቅ የሆነብኝ ግን ስሕተቱ ሌላ ስም ስለፈጠረ ነው። ፊደሉ ተዘበራርቆ ትርጉም የሌለው ቃል ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ያየው ሁሉ «ይህ የጽሕፈት ስሕተት ነው» ይል ነበር። ታደሰ ግን መልካምና የታወቀ ስም በመሆኑ ማንም ስሕተት ነው ብሎ አይጠረጥርም። ሰርተፊኬቴን ያየ ሁሉ የታደሰ ልጅ ናት ብሎ ያልፋል፤ መታወቂያዬን ሲያይ ደግሞ ይህች ሌላ ሰው ናት ይላል። በእኛ አገር የቤተሰብ መጠሪያ ስለሌለን የአባት ስም ከተለወጠ ሰውዬው ማን እንደሆነ የሚያሳይ ሌላ ምልክት ብዙም አይቀርም።

ስሕተቱ እንዴት ሊፈጠር እንደቻለ የማስታውሰውን ልግለጽ፤ ለማጣራት ይረዳችሁ ይሆናል። ለፈተናው የተመዘገብን ጊዜ የስም ዝርዝሩ በክፍል ውስጥ ከወንበር ወንበር እየዞረ እያንዳንዳችን ስማችንን እስከ አያት በአማርኛ በእጃችን ሞልተን ነበር። ወረቀቱ እኔ ጋ ሲደርስ ከአጠገቤ የነበረችው ልጅ እስክሪብቶ አለቀባትና የእኔን ሰጥቻት ስትመልስልኝ ቸኩዬ ጻፍኩ። በእጅ ጽሑፍ «ለ» እና «ሰ» በጣም ይቀራረባሉ፤ የ«ለ» አናት ትንሽ ወደ ላይ ከፍ ካለ «ሰ» ተብሎ ሊነበብ ይችላል። እንግዲህ ስሜን ወደ ኮምፒውተር ያስገባው ሰው «ታደሰ» ብሎ አንብቦት በእንግሊዝኛም እንደዚያው ጽፎታል ብዬ አምናለሁ። ጣት ስቶ የመጣ ስሕተት አይመስለኝም፤ ምክንያቱም በኪቦርዱ ላይ L በስተቀኝ፣ S በስተግራ ናቸው፤ ጎን ለጎን አይደሉም። ስለዚህ የመጀመሪያው በእጅ የተሞላው ዝርዝር በፋይል ካለ፣ እሱን ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ካለው ሮስተር ጋር ማስተያየት ነገሩን በአንድ ጊዜ ግልጽ ያደርገዋል።

ቀድሜ ሳላመለክት የቆየሁበትን ምክንያትም መደበቅ አልፈልግም። የመፈተኛ ካርዱ ሲሰጠን ፎቶዬንና ቁጥሬን ብቻ አይቼ ፈረምኩ። ውጤቱ በድረ ገጽ ሲለቀቅም ዓይኔ የሄደው ወደ ውጤቱ ነው፤ ከላይ ያለውን ስም እስከ መጨረሻው አላነበብኩትም። ዩኒቨርሲቲ ስገባ በተማሪነት መታወቂያዬ ላይ «ታደሰ» የሚል አየሁና የዩኒቨርሲቲው ስሕተት መስሎኝ እዚያው ይታረማል ብዬ ጠበቅሁ። ባለፈው ክረምት ዋናውን ሰርተፊኬት ስወስድ ነው ምንጩ የገባኝ። ለካ ዩኒቨርሲቲው የተቀበለው ከፈተናው መረጃ የተላለፈለትን ስም ነበር። አባቴ ሰርተፊኬቱን ተቀብሎኝ መነጽሩን አድርጎ ከላይ እስከ ታች አነበበ፤ ውጤቱን አይቶ ደስ አለው፤ ከዚያ ጣቱን ስሙ ላይ አሳርፎ «ይሄ ማነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ከእጁ ላይ ስቀበለው የምመልስለት አጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ጉዳዩን ስከታተል ቆይቻለሁ። የዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ሰርተፊኬቱ ሳይታረም እነሱ የሚያርሙት ነገር እንደሌለ ነገሩኝ። ትክክል ናቸው፤ የያዙትን ወረቀት መከተል አለባቸው። ሰርተፊኬቱ እንዲታረም ደግሞ ያስመዘገበኝ ትምህርት ቤት ትክክለኛ ስሜን ከመዝገቡ አረጋግጦ ፈተናውን ላዘጋጀው መሥሪያ ቤት በደብዳቤ ማሳወቅ አለበት ተብያለሁ። ስለዚህ የነገሩ መነሻም መፍትሔውም በእናንተ መዝገብ ውስጥ ያለ በመሆኑ ወደ እናንተ መጥቻለሁ።

በዚህ አጋጣሚ ሁለት ነገሮችን በግልጽ ማስቀመጥ እፈልጋለሁ። አንደኛው፣ አንዳንድ ሰዎች «ፍርድ ቤት ሄደሽ የስም ለውጥ አስወስኚ» ብለውኛል። እኔ ግን ስሜን እየለወጥኩ አይደለም። ከተወለድኩ ጀምሮ ስሜ አንድ ነው፤ ትምህርት ቤቱም ለአራት ዓመት የጠራኝና ካርድ የሰጠኝ በዚሁ ስም ነው። የምጠይቀው በመዝገባችሁ ላይ ያለው ስም በትክክል እንዲገለበጥ ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ «ሰላማዊት ታደለ እና ሰላማዊት ታደሰ የሚሉት ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መጠሪያ ናቸው» የሚል ማረጋገጫ ተጽፎልኝ በእሱ እንድጠቀም የመከሩኝ አሉ። በቅንነት እንደመከሩኝ አውቃለሁ፤ ለአጭር ጊዜም ይሠራ ይሆናል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ወረቀት ስሕተቱን አያርመውም፤ ዕድሜ ልኬን ከሰርተፊኬቱ ጋር አብሬ ይዤው እንድዞር ያደርገኛል። ከዚህም በላይ እውነት አይደለም። አባቴ ታደሰ ተብሎ ተጠርቶ አያውቅም። ስለሆነም እንዲህ ያለ ማረጋገጫ እንዳይጻፍልኝ፣ በምትኩ ዋናው ሰርተፊኬት እንዲታረም እንዲጠየቅልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ።

ከዚህ ማመልከቻ ጋር የሰርተፊኬቱን ፎቶ ኮፒ፣ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሰርተፊኬቴን፣ ትምህርት ቤቱ የሰጠኝን ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለውን ትራንስክሪፕት፣ የልደት የምስክር ወረቀቴን፣ የፋይዳ መታወቂያዬንና የአባቴን የነዋሪነት መታወቂያ ኮፒ አያይዣለሁ። የመፈተኛ ቁጥሬ በሰርተፊኬቱ ኮፒ ላይ በግልጽ ይታያል። ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ «ታደሰ» የሚለው ያለው በሰርተፊኬቱ ላይ ብቻ ነው። በተለይ ትራንስክሪፕቱን እንድትመለከቱልኝ እለምናለሁ፤ የተፈረመውና ማኅተም ያረፈበት በራሳችሁ ክፍል ነው፤ የአባት ስም በአማርኛም በእንግሊዝኛም በትክክል ሰፍሯል። የሰርተፊኬቱ ዋና ቅጂ እኔ ዘንድ ስላለ፣ ለመተካት መመለስ ካለበት በተጠየቅኩበት ቀን አቀርባለሁ።

ስለዚህ ክፍላችሁ መዝገቡን አመሳክሮ፣ በ2016 ዓ.ም. ትምህርት ቤቱ ያስፈተናት ተማሪ ትክክለኛ ስም ሰላማዊት ታደለ ወንድሙ መሆኑን፣ ስሕተቱም በምዝገባ ወቅት የተፈጠረ መሆኑን ገልጦ፣ ቁጥርና ቀን ያለው፣ ፊርማና ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ለፈተናው መሥሪያ ቤት እንዲጽፍልኝና ግልባጩ ለእኔ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። በደብዳቤው ላይ ስሙ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ከላይ ባሰፈርኩት መንገድ፣ በትላልቅ ፊደላት እንዲሆን እለምናለሁ፤ በፋይዳ መታወቂያዬ ላይ የሰፈረውም በዚሁ አጻጻፍ ነው። አንዱ ወረቀት Wendimu ሌላው Wondimu እያለ ሌላ ልዩነት እንዳይፈጠር እሰጋለሁ። ተመሳሳይ ስሕተት የደረሰበት ሌላ የክፍል ጓደኛዬ ካለም፣ ያ በእጅ የተሞላ ዝርዝር ከፋይል ሲወጣ አብሮ ቢታይ ብዙ ሰው ከእንግልት ይድናል።

የሁለተኛው ሴሚስተር ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት ደብዳቤው ከትምህርት ቤቱ ቢወጣልኝ የተማሪነት መረጃዬን በዚህ ዓመት ማስተካከል እችላለሁ። ካለፈ ግን እየተጠራቀመ የሚሄደው የውጤት መዝገቤ ሁሉ በተሳሳተው ስም ይቀጥላል፤ ሲቆይ ማረሙም እየከበደ ይሄዳል። የሥራ ጫናችሁን አውቃለሁ፤ በተለይ የዚህ ዓመት ተፈታኞች ምዝገባ ሲደርስ ጊዜ እንደማይኖራችሁ ስለማስብ ነው አስቀድሜ የማመለክተው።

እኔ በትምህርት ምክንያት ከከተማው ውጭ ስለሆንኩ ማመልከቻውን ይዞ ማክሰኞ ጥቅምት 18 ቀን የሚቀርበው አባቴ አቶ ታደለ ወንድሙ ነው። ጉዳዩን እንዲከታተልልኝና የደብዳቤውን ግልባጭ በስሜ ፈርሞ እንዲረከብልኝ ወክየዋለሁ። የነዋሪነት መታወቂያውን ዋናውን ይዞ ይመጣል፤ ከኮፒው ጋር እንድታመሳክሩት ይሁን።

ስለሚደረግልኝ ትብብር ከወዲሁ አመሰግናለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ሰላማዊት ታደለ ወንድሙ
(ፊርማ)