ወፍራም ጺም ከመላጨትህ በፊት

ሰኞ ሆቴሉ ውስጥ ሥራ ትጀምራለህ፤ ጺም አይፈቀድም ተብለሃል። እስከ ዛሬ እኔ ጋ እየመጣህ በማሽን ስለምታሳጥረው ጣጣውን አታውቀውም። ጺምህ ወፍራምም ጥቅልልም ነው። እንዲህ ያለ ጺም ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ሲላጭ ሳይሆን መልሶ ሲበቅል ነው። ጫፉ ሹል ሆኖ የቀረው ፀጉር ይታጠፍና ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባል። ብዙ ሰው አንገቱ ላይ የሚወጣው ሽፍታ ከዚህ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ከመላጨቱ ይልቅ ለዝግጅቱ ጊዜ ስጥ።

በመጀመሪያ፣ ጠዋት አትላጭ። እሁድ ማታ ተላጭ። ጠዋት ታክሲ ሊያመልጠኝ ነው እያልክ ትቸኩላለህ፣ ቆዳህም ሳያርፍ ፀሐይና አቧራ ያገኘዋል። ማታ ውኃም ጊዜም አለህ።

የረዘመውን ጺም በማሽን አሳጥረው። ረጅም ጺም ላይ ምላጭ ከሰደድክ ፀጉሩን ይጎትተዋል እንጂ አይቆርጠውም። ይህን ደረቅ ሳለ ጨርሰው።

ቀጥሎ፣ ገና ሳትረጥብ መስታወት ፊት ቁምና ጺምህ ወዴት እንደሚበቅል በጣትህ ፈልግ። ጣትህ ለስልሶ ከሄደ ከአበቃቀሉ ጋር ነህ፤ ከሻከረህ ተቃራኒ ነህ። ጉንጭ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ታች ነው። አንገት ላይ ግን ማመን የለም። አንዱ ጎን ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ጎን ሊሄድ ይችላል፣ ጉሮሮ አጠገብ ደግሞ የሚዞርበት ቦታ አለ። ሁሉንም ከላይ ወደ ታች እላጫለሁ የሚል ሰው አንገቱ ላይ ሳያውቀው በተቃራኒው እየሄደ ነው። የአንገትህን ፎቶ በስልክህ አንሳና አቅጣጫውን በቀስት ምልክት አድርግበት። ጓደኞችህ ቢስቁ ይሳቁ።

አሁን ወደ ውኃው። ሻወር ካለህ ከሻወር በኋላ ተላጭ፣ ሌላ ነገር አያስፈልግም። ውኃ የማይመጣበት ቀን ከሆነ በማንቆርቆሪያ አሙቅና በቀዝቃዛ አለዝበው። የሚያቃጥል ውኃ ቆዳውን ያደርቀዋል፣ ያስቆጣዋልም። በክንድህ ውስጠኛ በኩል ሞክረው፤ ሞቅ ብሎ ካልፈጀህ በቂ ነው። ፊትህን በለስላሳ ሳሙና ታጠብ። የልብስ ሳሙና አይሆንም! ከዚያ ንጹሕ ፎጣ ነክረህ ጨምቅና ጺምህ ላይ ሦስት ደቂቃ ያህል ያዘው፤ ሲቀዘቅዝ እንደገና ንከረው። ፀጉር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ምላጩም ሳይታገል ይቆርጠዋል። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ ሁለት ጊዜ ውኃ ረጨት አድርጎ ይጀምራል።

ፊትህን አታድርቅ። እርጥብ እንዳለ የመላጫ ክሬሙን በብሩሽ ወይም በጣትህ ክብ ክብ እያደረግህ ቀባው፤ ፀጉሩ ይነሳል። ሁለት ደቂቃ ተወው። ሲደርቅ ውኃ ጨምርበት።

ምላጭ ላይ ያንተ ዓይነት ጺም ላለው ሰው የምመርጠው ባለ አንድ ስለት መላጫ ነው። ብዙ ስለት ያለው መላጫ ፀጉሩን ስቦ ከቆዳ በታች ስለሚቆርጠው፣ ለጥቅልል ጺም ሽፍታ ይጋብዛል። ምላጩ አዲስ ይሁን። ለማንም አታውስ፣ ከማንም አትዋስ፤ በደም የሚተላለፍ በሽታ አለ።

በአጫጭር ምት፣ ሳትጫን፣ ከአበቃቀሉ ጋር ሂድ። ቆዳህን ወጥረህ አትያዝ፤ ስትለቀው የተቆረጠው ፀጉር ወደ ውስጥ ይገባል። በየምቱ ምላጩን በውኃ እጠበው። ትንሽ ከሻከረህ እንደገና ክሬም ቀብተህ በጎን አንድ ጊዜ እለፍ። በተቃራኒው አትሂድ፣ አንገት ላይ ደግሞ በፍጹም። ለስልሶ መብረቅ የለበትም፤ አለቃህ በእጁ አይዳስስህም።

ሲያልቅ በቀዝቃዛ ውኃ ተለቅለቅና ፎጣውን ሳታሽ ጫን ጫን እያልክ አድርቅ። ቆዳህ ገና እርጥብ እንዳለ ሽታ የሌለው ቅባት ወይም በውኃ የቀጠነ ግሊሰሪን ቀባ። አልኮልና ሎሚ ይቅርብህ። ማቃጠሉ ማጽዳት ነው የሚሉህን አትስማ፤ ፀጉር ቤት ውስጥም የሚሉ አሉ።

በሚቀጥሉት ቀናት ሽፍታ ከወጣ አትጭመቀው፣ በመርፌም አትቆፍረው፤ ጠባሳ ይተዋል። ሌሊት በሞቀ ፎጣ ያዘውና እስኪረጋጋ ምላጭ አታስነካው። ለአለቃህ ንገረውና በማሽን በጣም አሳጥረህ ቆይ። መግል ከያዘ ወይም ጠባሳው ካበጠ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂድ፤ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ክፍል አለው።