የሲኤምሲው ባለ 3 መኝታ አፓርታማ፦ ከመግቢያ በር እስከ በረንዳ የቪዲዮ ፕሮምፕቶች

ቤቱ 6ኛ ፎቅ ላይ ነው፤ 138 ካሬ። ፎቶዎቹን ዛሬ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አንስቼ በየክፍሉ ስም ፎልደር ውስጥ አስገብቼልሻለሁ። ገዢዎቹ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ ባልና ሚስት ናቸው፤ ቤቱን ሳይረግጡት ነው ቀብድ የሚልኩት። ግድግዳ አንዴ እንደ ሊጥ ሲለጠጥ ካዩ የቀረውንም አያምኑንም። ትናንት የሠራነው የሳሎን ቪዲዮ ስለተበላሸብን፣ ፎቶውን ወደ ቪዲዮ ለሚቀይረው የኤአይ ሞዴል የምንሰጠውን ፕሮምፕት ሁሉ እንደ አዲስ ጽፌዋለሁ፤ ማታ ስታወጪው እንዳለ ቅጂው።

ከእያንዳንዱ ፕሮምፕት በታች የሚለጠፍ የጋራ አንቀጽ፦

"የተያያዘው ፎቶ የመጀመሪያው ፍሬም ነው። የሚንቀሳቀሰው ካሜራው ብቻ ነው፤ ቤቱና ዕቃው ባሉበት ይቆያሉ። ካሜራው ጊምባል ላይ እንዳለ፣ ከወለሉ 1.4 ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከመነሻ እስከ መጨረሻ በአንድ ዓይነት ዝግተኛ ፍጥነት ይንሸራተታል። የእርምጃ ንዝረት የለም፤ ዙም የለም፤ ወደ ጎን ማዘንበል የለም። ሌንሱ 24 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይቆያል። የግድግዳ ማዕዘኖች፣ የበርና የመስኮት ጠርዞች በሁሉም ፍሬም ቀጥ ብለው የቆሙ መስመሮች ናቸው። ዞኮሎው ከወለሉ አይላቀቅም፤ የሴራሚኩ መገጣጠሚያ መስመሮች አይታጠፉም፣ ቁጥራቸውም አይለወጥም። ወደ ካሜራው የቀረበ ነገር ቶሎ፣ የራቀው ቀስ ብሎ ያልፋል። ብርሃኑ የጠዋት ነው፤ አይደምቅም፣ አይደበዝዝም። ሰው፣ ጽሑፍ ወይም ፎቶው ላይ የሌለ ዕቃ አይጨመርም። በሰከንድ 24 ፍሬም፣ 16፡9።"

(ስልካቸውን አጋድመው ይዩት። ሳሎንን ግራና ቀኙን ቆርጦ በቁመት ማሳየት ኮሪደር ማስመሰል ነው።)

መግቢያ፣ 6 ሰከንድ

"ካሜራው ከተከፈተው የእንጨት በር ውጭ ይነሳና በበሩ መሃል ቀጥታ 2 ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል። ሲያልፍ የበሩ ፍሬም ግራና ቀኝ እኩል እየሰፉ ከምስሉ ይወጣሉ። በስተግራ ያለው የጫማ ሳጥን ቅርጹን እንደያዘ ያልፋል። ከፊት የሚታየው የሳሎን መስኮት ቀስ በቀስ ብቻ ይተልቃል። ካሜራው ሳሎኑ ደፍ ላይ ሳይደርስ ይቆማል።"

ሳሎን፣ 8 ሰከንድ

ትናንት የጠፋን እዚህ ነው። "ሳሎኑን አዙረህ አሳይ" ብለን ስለጻፍን ካሜራው ፎቶው ያላየውን ጥግ ለማሳየት ሲዞር ግድግዳ ፈጠረ፤ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ያለው ኮለንም 5ኛው ሰከንድ ላይ ግድግዳው ውስጥ ሟሟ። ኮለን የሚጠፋበት ቤት ማን ይገዛል? አሁን መዞር የለም፤ በሰከንድ 40 ሳንቲ ሜትር፣ በ8 ሰከንድ 3.2 ሜትር ነው የሚሄደው። ሳሎኑ 7 ሜትር ስለሆነ ከፎቶው አይወጣም።

"ካሜራው ከሳሎኑ መግቢያ ተነስቶ በክፍሉ ርዝመት መሃል ለመሃል 3.2 ሜትር ወደ መስኮቱ ይንሸራተታል። አቅጣጫው አይቀየርም፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አይዞርም። በስተቀኝ ነጭ የቴሌቪዥን ግድግዳ አለ፤ ከእሱ ቀጥሎ ከግድግዳው 30 ሳንቲ ሜትር ወጣ ያለ አራት ማዕዘን ኮለን ከወለል እስከ ኮርኒስ ቆሟል። ኮለኑ ሁለት ጠርዝ አለው፤ ካሜራው ሲቀርብ የፊት ጠርዙ ከኋላው ቀድሞ ወደ ምስሉ ዳር ይሄዳል፤ ውፍረቱም ቀለሙም እንዳለ ነው። የጂፕሰም ኮርኒሱ ላይ 8 ክብ መብራቶች በሁለት ረድፍ፣ በእኩል ርቀት አሉ፤ ከምስሉ በላይኛው ጠርዝ በየተራ ይወጣሉ እንጂ አይጨመሩም፣ አይዋሃዱም። በስተግራ ግራጫ ሶፋ አለ፤ እግሮቹ ወለሉን እንደነኩ ናቸው። ባለ 4 ክፍል የአልሙኒየም መስኮቱ ቋሚዎች ቀጥ ብለው እርስ በርስ ትይዩ ናቸው። መጋረጃው አይወዛወዝም።"

ከሳሎን ወደ ማድ ቤት፣ 8 ሰከንድ

ማድ ቤቱ ከግማሽ ግድግዳ ጀርባ ስለሆነ በአንድ ፎቶ አይሆንም። ፎቶ 11 መነሻ፣ ፎቶ 12 መድረሻ አድርጊ፤ ሁለቱንም ከአንድ ከፍታ ነው ያነሳኋቸው። ከጋራው አንቀጽ የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር እዚህ ላይ ቀንሺ።

"የመጀመሪያው ፍሬም ፎቶ 11፣ የመጨረሻው ፎቶ 12 ነው። ካሜራው ሳይዞር ወደ ቀኝ ጎኑ ይንሸራተታል። ግማሽ ግድግዳው ቅርብ ስለሆነ ከሁሉ ፈጥኖ ወደ ግራ ያልፋል፤ ከጀርባው የነበረው ማድ ቤት ከግድግዳው ጠርዝ እየወጣ በትክክለኛ ቦታው ይገለጣል። ጠርዙ ስለት ያለው ቀጥ ያለ መስመር ነው። የካቢኔት በሮች 6 ናቸው። ግራናይቱ ላይ ያለው የብርሃን ነጸብራቅ ከካሜራው ጋር ለስላሳ ሆኖ ይሄዳል። በስተመጨረሻ የተከፈተው የማድ ቤት በረንዳ በርና የምጣዱ ሶኬት ይታያሉ።"

ሶኬቷ እንዳትቆረጥ። ሴትዮዋ ባለፈው በስልክ መጀመሪያ የጠየቁኝ "ምጣድ የት ነው የሚቀመጠው?" ብለው ነው።

ኮሪደር፣ 5 ሰከንድ

"ካሜራው በኮሪደሩ መሃል 1.5 ሜትር ወደፊት ይሄዳል። ሁለቱ ግድግዳዎች በእኩል ርቀት ይቆያሉ፤ ኮሪደሩ አይጠብም፣ አይረዝምም። 3ቱ የመኝታ ቤት በሮች ዝግ ናቸው፤ አይከፈቱም። ካሜራው ወደ የትኛውም በር አይታጠፍም።"

ዋና መኝታ ቤት፣ 6 ሰከንድ

"ካሜራው ከአልጋው ግርጌ ፊት ለፊት፣ ከግድግዳው ጋር ትይዩ ሆኖ ከግራ ወደ ቀኝ 1 ሜትር ይንሸራተታል። ባለ መስታወቱ የቁም ሳጥን በር በምስሉ ቀኝ ዳር በአግድሞሽ ብቻ ይታያል፤ መስታወቱ ውስጥ የአልጋው ጠርዝና መስኮቱ እንጂ ሌላ ክፍል፣ ሰው ወይም ካሜራ አይታይም። የአልጋው ራስጌ ከግድግዳው ጋር እንደተጣበቀ ነው።"

ሁለቱ ትናንሽ መኝታ ቤቶች፣ 5 ሰከንድ እያንዳንዳቸው

ባዶ ናቸው። ባዶ ክፍል ለሞዴሉ ከባድ ነው፤ የሚይዘው ምልክት ስለሌለ ግድግዳው ይዋኛል። ስለዚህ እንዲይዝ ያለውን ሁሉ ሰጥቼዋለሁ።

"ካሜራው ከበሩ ላይ 80 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቀጥታ ወደፊት ይገባል። ክፍሉ ባዶ ነው፣ ባዶም ይቆያል። የኋላው ግድግዳ ካሜራውን ፊት ለፊት የሚያይ ጠፍጣፋ አራት ማዕዘን ነው፤ አራቱም ማዕዘኖቹ በምስሉ ውስጥ ናቸው፣ ከመሃል ወደ ውጭ እኩል ይሰፋሉ። መስኮቱ፣ ከስሩ ያለው ሶኬትና የኮርኒሱ አንድ መብራት አንጻራዊ ቦታቸውን አይለቁም።"

ሻወር ቤት፣ 4 ሰከንድ

"ካሜራው 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ወደፊት ይሄዳል። የግድግዳው ሴራሚኮች እኩል አራት ማዕዘኖች ሆነው ይቆያሉ። የሻወሩ መስታወት ግልጽ ነው፤ ከጀርባው ያሉት መስመሮች ሳይሰበሩ ይቀጥላሉ። ውኃ አይፈስም።"

በረንዳ፣ 8 ሰከንድ

የቤቱ ሻጭ "ፊት ለፊት ያለውን ግንባታ አጥፉልኝ" ብለው ነበር፤ አላደርገውም አልኳቸው። ሌላው ሁሉ እውነት ሆኖ ይቺ ብትዋሽ ገዢዎቹ አዲስ አበባ የገቡ ዕለት ያዩታል። ቪዲዮው ጥግ ላይም "እንቅስቃሴው ከፎቶ በኮምፒዩተር የተሠራ ነው" የሚለውን ጽሑፍ ኤዲት ስታደርጊ ጨምሪ።

"ካሜራው ከሳሎኑ ተንሸራታች በር መሃል ተነስቶ 1.2 ሜትር ወደ በረንዳው ይወጣና ብረቱ ጋ ሳይደርስ ይቆማል። ብረቱን አያልፍም፣ ወደ ታች አያይም። የብረቱ ዘንጎች ቁጥርና ርቀት አይለወጥም። ከማዶ በእንጨት መወጣጫ የተከበበ ያላለቀ ሕንፃ ባለበት ይቆማል፤ ፎቁም አይጨምርም፣ አይጠፋም። ከእሱ ጀርባ፣ በስተሰሜን፣ የእንጦጦ ሰንሰለት በጠዋት ጭጋግ ደብዘዝ ብሎ ይታያል፤ ሩቅ ስለሆነ ካሜራው ሲንቀሳቀስ አይነቃነቅም።"